ትምህርት የለም፦ በ70 ፊደል

የትምህርት ቤት ጸሐፊዎችና ርዕሰ መምህራን፣ ይህ ለእናንተ ነው። ትምህርት ቤቱ በድንገት ሲዘጋ ለወላጆች የምትልኩት ኤስኤምኤስ በአማርኛ ከሆነ፣ በአንድ መልእክት የሚፈቀድላችሁ 70 ፊደል ብቻ ነው። 160 የሚባለው ለላቲን ፊደል ነው። አንድ መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ሲሆን የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሁለት ባይት ይወስዳል። ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም እንደ ፊደል ይቆጠራሉ።

ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል። ስልኩ ቁራጮቹን መልሶ እንዲያገጣጥም ከየቁራጩ ትንሽ ቦታ ስለሚያዝ፣ ለጽሑፍ የሚተርፈው 67 ፊደል ነው። ሂሳቡም በየቁራጩ ነው። የተለመደውን አጻጻፍ እንየው፦

```
ውድ ወላጆች፣ እንደምን አላችሁ? በትምህርት ቤታችን ባጋጠመ ድንገተኛ የውሃ ቱቦ መፈንዳት ምክንያት ነገ ትምህርት የማይኖር መሆኑን በትህትና እንገልጻለን።
```

ይህ 97 ፊደል ነው። 67ኛው ላይ ሲቆረጥ የመጀመሪያው ቁራጭ የሚያልቀው «ነገ ት» ላይ ነው። ሁለተኛው ቁራጭ ከዘገየ ወይም ከጠፋ፣ ወላጅ ቢበዛ ቱቦ መፈንዳቱን ያውቃል፤ ትምህርት መኖር አለመኖሩን ግን አያውቅም። ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ተቀብሯል።

ሌላው ችግር «ነገ» የሚለው ነው። የወላጅ ስልክ ማታ ጠፍቶ ከነበረ መልእክቱ የሚገባው ጠዋት ሲከፈት ነው፤ ያኔ «ነገ» ሌላ ቀን ሆኗል። ስለዚህ ቀኑን በስሙና በቁጥሩ ጻፉ።

እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦

```
___ ት/ቤት፦ ማክሰኞ ኅዳር 16 ትምህርት የለም። የውሃ ቱቦ ፈንድቷል። ረቡዕ ይቀጥላል።
```

ያለ ስሙ 54 ፊደል ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ስም 16 ይተርፋል። ስሙን አትዝለሉት፤ ልጆቻቸውን በሁለት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች አሉ። ስሙ ረዥም ከሆነ የሚቀነሰው ምክንያቱ ነው። የሚከፈትበት ቀን ካልታወቀ «ረቡዕ ይቀጥላል» ወጥቶ «መክፈቻውን እንነግራለን» ይግባ፤ እሱ ግን አምስት ፊደል ስለሚጨምር ለስሙ 11 ብቻ ይቀራል።

«ውድ ወላጆች» እና «በትህትና» ሲወጡ ጨዋነት የጎደለው የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሰላምታውና ዝርዝሩ በቴሌግራም ግሩፑ ወይም በልጁ ደብተር ሊከተል ይችላል፤ ይህ መልእክት ሥራው ልጅ በከንቱ ደጅ እንዳይቆም ማድረግ ነው።

በላቲን ፊደል ብንጽፈውስ የሚሉም አሉ። 160 ብዙ ይመስላል እንጂ በአማርኛ አምስት ፊደል የሆነው «ትምህርት» በላቲን ሰባት ስምንት ይሆናል፤ ትርፉ እንደሚታሰበው አይደለም። ልጁን የምታደርሰው አያት ደግሞ ላቲን ላታነብ ትችላለች። በላቲን ጽፋችሁ አንድ «።» ብቻ ብታስገቡም መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል።

አብነቱን አሁኑኑ የትምህርት ቤታችሁን ስም አስገብታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ከመላካችሁ በፊት ቆጣሪው ሁለት መልእክት ካላችሁ፣ አንድ ቃል ቀንሱ።