«እስቲ ስለራስሽ ንገሪን»፦ የዜሮ ዓመት ተመራቂ ሁለት ደቂቃ

የሥራ ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ይላል። አመልካቹም ጠያቂውም ይህን አውቀው ነው የሚገናኙት። እንዲያም ሆኖ ብዙ አዲስ ተመራቂ «እስቲ ስለራስህ ንገረን» ሲባል አፉን የሚፈታው «የሥራ ልምድ ባይኖረኝም…» ብሎ ነው። ማንም ያልጠየቀውን ጉድለት አስቀድሞ ይናዘዛል። ሌላው ደግሞ ከትውልድ ቀዬው ይጀምርና ስንተኛ ልጅ እንደሆነ፣ አንደኛ ደረጃ የት እንደተማረ ሲዘረዝር ዩኒቨርሲቲ ሳይደርስ ጊዜው ያልቃል። እኛ ዘንድ ሰው ሲተዋወቅ የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው መባባሉ ደንብ ስለሆነ አይፈረድበትም። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ግን ማወቅ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ልጅ ሥራ ሲሰጠው እንዴት ይይዘዋል?

በእርጋታ የሚናገር ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከ200 ቃል ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሁሉንም ለመናገር መሞከር ከንቱ ነው። የሚያዋጣው አከፋፈል ይህ ይመስለኛል፦ የመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች አሁን ማን እንደሆኑ ለመናገር፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ በእጅዎ የሠሩትን አንድ ነገር ለመተረክ፣ የቀረው ግማሽ ደቂቃ ደግሞ ያ ነገር ከዚህ መደብ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማሳየት። የመልሱ ሆድ መሐሉ ነው። ብዙዎች ግን መሐሉን በስም ዝርዝር ይሞሉታል።

ምሳሌ እናንሳ። በአካውንቲንግ የተመረቀች ወጣት ለአንድ ባንክ የጀማሪ ባለሙያ መደብ አመልክታለች እንበል። አጀማመሯ አጭር ነው፦ «ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥ የሳበኝ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነው።» አማካይ ውጤቷ ከፍ ያለ ከሆነ እዚህ ላይ ታክለዋለች። ካልሆነ ትተወዋለች፤ ከፊታቸው ባለው ወረቀት ላይ ስላለ ከፈለጉ ይጠይቋታል።

አሁን ወደ መሐሉ። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዋ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ በአንድ የጅምላ መደብር ሒሳብ ክፍል ወጥታ ነበር። በተለመደው አነጋገር ቢሆን «በልምምዴ ወቅት የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ደመወዝ መሥራት፣ ፒችትሪ መጠቀም ተምሬያለሁ፤ ብዙ ልምድም ቀስሜያለሁ» ብላ ታልፈው ነበር። ከእሷ በፊት የገቡትም ከእሷ በኋላ የሚገቡትም ይህንኑ ይላሉ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መርጣ ብትተርከውስ?

«የወሩን የባንክ መግለጫ ከመዝገባችን ጋር እንዳስታርቅ ተሰጠኝ። ባንክ ያልደረሱትን ቼኮችና ያልመዘገብነውን የአገልግሎት ክፍያ ካስተካከልኩ በኋላም መዝገቡ በ900 ብር ይበልጥ ነበር። 900 ለ9 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ አሃዝ ቦታ ተቀያይሮ ተጽፎ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። የገቢ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር 6,730 ብር የነበረው 7,630 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት። ለሒሳብ ሠራተኛው አሳየሁት፤ ማስተካከያውንም እሱ ሠራ። ከዚያ በኋላ ልምምዴ እስኪያልቅ ድረስ ደረሰኞቹን በየሳምንቱ አርብ ከመዝገቡ ጋር አመሳክር ነበር።»

በዚህ ውስጥ «ታታሪ ነኝ»፣ «ለዝርዝር ጉዳይ ትኩረት እሰጣለሁ» የሚል ቃል አልገባም። ሰሚው ግን ሁለቱንም ራሱ ይደመድማል፤ ራሱ የደረሰበትን ድምዳሜ ደግሞ ከተነገረው ይልቅ ያምነዋል። ልጅቷ የሥልጣኗን ልክ እንደምታውቅም ታይቷል፤ ስህተቱን አገኘች እንጂ መዝገቡን በራሷ ፈቃድ አልነካችም። ገንዘብ የሚነካ መሥሪያ ቤት ለዚህ ትልቅ ቦታ ይሰጣል። ብሩ 900 ብቻ መሆኑም አያሳፍርም። ጀማሪ ሚሊዮን አዳንኩ ካለ ነው የሚያጠራጥረው።

የመዝጊያው ግማሽ ደቂቃ ከዚሁ ይመዘዛል፦ «በባንክ መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው በቀኑ መጨረሻ በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር መግጠም አለበት። ልዩነት ሲመጣ ምንጩን ፈልጎ ማግኘት የምወደው ሥራ ስለሆነ ነው ለዚህ መደብ ያመለከትኩት።» ከዚያ ዝም ማለት ነው። «እንግዲህ ይኼው ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም» የሚለው ጭራ አያስፈልግም።

የተግባር ልምምዱ ፊርማ ማስሞላት ብቻ የሆነበት ሰውስ? እንዲህ ያለው ጥቂት አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ሲሰበሰብ የገጠመ ችግር፣ የክበብ ገንዘብ ያዥነት፣ የቤተሰብ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ሁሉ ያገለግላል። መለኪያው አንድ ነው፦ ችግሩን፣ እርስዎ ያደረጉትን፣ የተገኘውን ውጤት በቅደም ተከተል መናገር ይችላሉ ወይ?

እዚህ ላይ የጨዋነት ወጥመድ አለ። «እኔ» ማለት ጉራ ስለሚመስለን «ጥናቱን ሠራን፣ መጠይቁን በተንን፣ ተነተንን» እንላለን። ጠያቂዎቹ ነጥብ የሚሰጡት ግን ለቡድኑ ሳይሆን ፊታቸው ለተቀመጠው ሰው ነው። ማስታረቂያው ቀላል ነው፦ «አምስት ነበርን፤ የእኔ ድርሻ መጠይቁን ማዘጋጀትና በገበያው ያሉ 40 ነጋዴዎችን ማነጋገር ነበር።» ጓደኞቹም አልተካዱም፣ ድርሻውም ታወቀ። የሌላውን ድርሻ የወሰደ ሰው ግን «ነጋዴዎቹን እንዴት መረጥካቸው?» በሚል አንድ ጥያቄ ይጋለጣል። እንዲያውም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ተከታታይ ጥያቄ ይችል እንደሆነ መፈተኑ ጥሩ ነው። ከላይ ያለችው ተመራቂ «ለ9 መካፈሉ ምን ያሳያል?» ብትባል መልስ ሊኖራት ይገባል። ጥርጣሬን እንጂ ማረጋገጫን አይሰጥም፤ ሌላ ዓይነት ስህተትም በአጋጣሚ ለ9 ሊካፈል ይችላል።

ቃል በቃል መሸምደድ አልመክርም። መሐል ላይ አንዱ ጠያቂ «የት ነበር ያልሽው?» ብሎ ሲያቋርጥ የተሸመደደ ንግግር ይበጠሳል፤ ተናጋሪውም ከመጀመሪያው ካልጀመረ መቀጠል ያቅተዋል። በቃል መያዝ ያለባቸው የመክፈቻውና የመዝጊያው ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ለመሐሉ ቅደም ተከተሉ ይበቃል። በስልክ ቀድቶ ማዳመጥም ይረዳል። ቅጂው ከሁለት ደቂቃ ካለፈ መጀመሪያ የሚቀነሰው መግቢያው ነው። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ቋንቋ መቅዳት ይሻላል፤ በአማርኛ የቀና ትረካ በእንግሊዝኛ ሲሆን «ማስታረቅ»ን ምን ልበለው በሚል ሊደናቀፍ ይችላል።

መልሱ መያዙ የሚታወቀው በሚቀጥለው ጥያቄ ነው። ጠያቂው ከተነገረው ውስጥ አንዱን አንስቶ «ሒሳብ ሠራተኛው ምን አለሽ?» ካለ ሰምቷል ማለት ነው። ወረቀቱን እያየ «እሺ፣ ጠንካራ ጎንሽስ?» ብሎ ካለፈ ብዙ አልያዘለትም፤ ቢሆንም የተጻፈውን ጥያቄ ለሁሉም እኩል የሚያነብ ጠያቂ ስላለ በዚህ ብቻ መደናገጥ አይገባም። «ሌላስ?» ከተባለ ደግሞ ወደ ትውልድ ቀዬ መመለስ ሳይሆን ተጠባባቂ የተያዘውን ሁለተኛ ታሪክ በሠላሳ ሰከንድ መናገር ነው። ሰዓት ያጠረው ጠያቂ ገና ከመነሻው «በአጭሩ» ካለ መክፈቻው፣ የ900 ብሩ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ መዝጊያው ብቻ ይቀራል፤ ይህም ከአርባ ሰከንድ አይበልጥም።