ጌም ከሰዓታት በኋላ ሲንቀራፈፍ፦ ሜሞሪ ሊክን በ Task Manager ማግኘት

አንዳንድ የኮምፒውተር ጌም በመጀመሪያው ሰዓት ያለ እንከን ይሠራና ሦስት አራት ሰዓት ከተጫወቱበት በኋላ ስታክ ማድረግ ይጀምራል። እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፤ ገጸ ባሕሪው ወደ አዲስ ስፍራ ሲገባ ስክሪኑ ለአፍታ ቀጥ ይላል። ጌሙ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ግን ችግሩ ይጠፋል። ቀስ በቀስ መጥቶ ጌሙን በመዝጋት ብቻ የሚወገድ መንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ ሜሞሪ ሊክ የሚባለው የፕሮግራም ስህተት ውጤት ነው።

ጌም ሥዕል፣ ድምፅና ካርታ ለመጫን ከዊንዶውስ ሜሞሪ እየጠየቀ ይወስዳል፤ ሲጨርስም መመለስ አለበት። አሠራሩ ዕድር ወንበርና ድንኳን ለአባላቱ እንደሚያውሰው ዓይነት ነው፦ የወሰደው ካልመለሰ መጋዘኑ እየተራቆተ ይሄዳል። ሜሞሪ ሊክ ያለበት ጌም ሥራውን የጨረሰበትን ሜሞሪ ሳይመልስ ሌላ ይጠይቃል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ከውስጡ የተወሰነውን pagefile.sys ወደሚባለው የዲስክ ፋይል ያዛውራል። ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ ስለሆነ፣ ጌሙ ወደዚያ የተዛወረውን መረጃ በፈለገ ቁጥር እስኪመጣለት ይጠብቃል። ተጫዋቹ የሚያየው መቆራረጥ ይህ ጥበቃ ነው።

ጌም ብዙ ሜሞሪ መያዙ ብቻውን ሊክ መኖሩን አያሳይም። ጤነኛ ጌምም ቶሎ ቶሎ የሚፈልጋቸውን ሥዕሎች በራም ስለሚያቆይ፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወይም ሰዓት ውስጥ የሚይዘው ሜሞሪ ይጨምራል፤ ከዚያ ግን በአንድ መጠን ዙሪያ ይረጋል። ሊክ ያለበት ጌም አይረጋም። ስለዚህ መታየት ያለበት ቁጥሩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ሳይሆን፣ ጌሙ ወደ ነበረበት ሁኔታ ሲመለስ ቁጥሩም አብሮ መመለስ አለመመለሱ ነው።

ይህን ለማየት ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው Task Manager ይበቃል። Ctrl+Shift+Esc በአንድ ላይ ሲጫን ይከፈታል። በ Processes ዝርዝር ላይ የጌሙ ስም በቀኝ ክሊክ ተነክቶ Go to details ሲመረጥ፣ ትክክለኛው .exe ፋይል በ Details ገጽ ላይ ይገኛል። ይህ እርምጃ የሚጠቅመው ጌሙን የሚያስነሳው ፕሮግራምና ጌሙ ራሱ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ቀጥሎ ከአምዶቹ ርዕስ በአንዱ ላይ ቀኝ ክሊክ ተደርጎ በ Select columns ውስጥ Commit size ይመረጣል።

የዚህ አምድ ጥቅም ትልቅ ነው። በ Processes ገጽ ላይ የሚታየው Memory የሚያሳየው ፕሮግራሙ በዚያች ቅጽበት በራም ላይ የያዘውን ብቻ ነው። ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ከጌሙ ላይ ቀንሶ ወደ ዲስክ ስለሚያዛውር፣ ሊኩ እየባሰ ሳለ ይህ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። Commit size ግን ጌሙ የጠየቀውንና ያልመለሰውን የራሱን ሜሞሪ፣ በራምም ይሁን በዲስክ ፋይሉ የሚያዘውን፣ አንድ ላይ ይቆጥራል። ቁጥሩ የሚጻፈው በኪሎባይት ስለሆነ 4,200,000 K ማለት በግምት 4 ጊጋባይት ነው።

የ Task Manager ግራፍ በተለመደው አቀማመጡ ያለፉትን 60 ሴኮንዶች ብቻ ስለሚያሳይ፣ የሰዓታት ለውጥ በወረቀት መመዝገብ አለበት። ንባቡ ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት ሁኔታ መወሰድ ይኖርበታል፤ ለምሳሌ አንድን ሴቭ ከፍቶ በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ። ሰፊ ከተማ ውስጥ የተወሰደ ቁጥር ጠባብ ክፍል ውስጥ ከተወሰደ ጋር ቢነጻጸር ልዩነቱ የካርታው እንጂ የሊክ አይሆንም።

8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር በምሳሌነት ይወሰድ። ዊንዶውስና ሌሎች ፕሮግራሞች 3 ያህሉን ቢይዙ ለጌሙ 5 ጊጋባይት ይቀራል። ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ Commit size 4.0 ጊጋባይት ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ በዚያው ቦታ 4.7፣ ከሦስት በኋላ 5.4፣ ከአራት በኋላ 6.1 ሆነ። በየሰዓቱ 0.7 ጊጋባይት ይጨምራል፤ አንዴም አልተመለሰም። የቀረው 5 ጊጋባይት የሚያልቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰዓት መካከል ነው፤ መቆራረጡ ከዚያ አካባቢ ከጀመረ ቁጥሩና ምልክቱ ተገጣጠሙ ማለት ነው። በአራተኛው ሰዓት Memory 4.6 ብቻ ቢያሳይ አያስገርምም፤ የቀረው ወደ ዲስክ ተዛውሯል።

ቀጣዩ ጥያቄ ሊኩን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለዚህ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ መለካት ያስፈልጋል። በምሳሌው ጌም ገጸ ባሕሪው ለአንድ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ቢቆም ቁጥሩ አልጨመረም፤ ስለዚህ የጊዜ ማለፍ ብቻውን ምክንያት አይደለም። በሁለት ስፍራዎች መካከል 20 ጊዜ ሲመላለስ ግን 700 ሜጋባይት ያህል ጨመረ። በአንድ ጉዞ 35 ሜጋባይት ያህል ይቀራል ማለት ነው፤ ጌሙ አዲሱን ስፍራ ሲጭን የድሮውን ሙሉ በሙሉ አያራግፍም። ተጫዋቹ ሞድ የጨመረበት ከሆነ ያው 20 ጉዞ ያለ ሞዶቹ ይደገማል። ጭማሪው ከጠፋ ሞዶቹን ግማሽ በግማሽ እየመለሱ ጥፋተኛውን መለየት ይቻላል።

የጌሙ ቁጥር ረግቶ ኮምፒውተሩ ግን የሚንቀራፈፍ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው። በ Performance ገጽ Memory ሲመረጥ የሚታየው Non-paged pool ያለማቋረጥ ካደገ፣ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ይዞራል። በ Details ላይ Dedicated GPU memory የሚለው አምድ ቢጨመር ደግሞ የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ እየሞላ እንደሆነ ያሳያል። ሁሉም ቁጥር የረጋ ከሆነ ችግሩ ሊክ ሳይሆን ሙቀት ሊሆን ይችላል፤ የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል።

በጃቫ የተሠሩ ጌሞች ለየት ይላሉ። የማይንክራፍት ጃቫ እትም በ Details ላይ javaw.exe ተብሎ ይታያል፤ ጃቫ ለጌሙ ዕቃዎች የሚሰጠው ሜሞሪ -Xmx በሚባል ገደብ ስለሚታሰር፣ ውስጡ ሊክ ቢኖርም ከውጭ የሚታየው ቁጥር ረግቶ ሊቆም ይችላል። ጌሙ ውስጥ F3 ሲጫን የሚታየው የሜሞሪ መቶኛ ከፍ ብሎ ጃቫ ባጸዳ ቁጥር ይወርዳል። መታየት ያለበት የሚወርድበት ዝቅተኛ ነጥብ ነው፤ እሱ እያደር ከፍ ካለ ሊክ አለ።

Task Manager የትኛው ፕሮግራም ሜሞሪ እንደሚያፈስ እንጂ የትኛው የኮድ መስመር እንደተሳሳተ አይናገርም፤ እሱን አግኝቶ ማረም የጌሙ ሠሪዎች ሥራ ነው። እስኪታረም ድረስ ተጫዋቹ ራሙ ከሚሞላበት ሰዓት በፊት ሴቭ አድርጎ ጌሙን ዘግቶ መክፈት ይችላል፤ በምሳሌው ይህ በየሁለት ሰዓቱ ይሆናል። ራም መጨመር መቆራረጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለሠሪዎቹ የሚላከው ሪፖርት የጌሙን ቨርዥን፣ የራሙን መጠን፣ የተመዘገቡትን ቁጥሮችና ቁጥሩን የሚያሳድገውን ድርጊት ቢይዝ፣ ስህተቱን በራሳቸው ኮምፒውተር ደግመው ለማየት ያስችላቸዋል።