ሁለት አቅራቢ፣ አንድ ድምፅ፦ ተራ የሚያሻግረው ዐረፍተ ነገር እንዴት ይጻፋል?

ሬዲዮ የሚከታተል ሰው ይህን ደጋግሞ ሰምቶታል። አቅራቢዋ ሐሳቧን ጨርሳ ለባልደረባዋ ልታሻግር ስትል ሁለት ድምፅ እኩል ይወጣል። ሁለቱም ይደነግጡና ይቆማሉ። «ቀጥል» ትላለች፤ «አይ፣ አንቺ ጨርሺ» ይላል፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና አብረው ይጀምራሉ። በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ መንገድ እንደሚዘጉ ሁለት ጨዋ ሰዎች መሆናቸው ነው። አድማጩ «አልተዘጋጁም» ብሎ ያልፋቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን ተዘጋጅተዋል፤ ስክሪፕቱም ፊታቸው አለ። ችግሩ ያለው ስክሪፕቱ ውስጥ ነው፤ ተራውን የሚያሻግረው ዐረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ በጆሮ አይታወቅም።

ሰዎች ሲነጋገሩ ተራ የሚለዋወጡት ከምናስበው በላይ በፍጥነት ነው። ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በ10 ቋንቋዎች የሚደረጉ ጭውውቶችን መርምረው፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ አንድ አምስተኛ ሰከንድ እንደሆነ አግኝተዋል። አንድን ቃል አስቦ ከአፍ ለማውጣት ግን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የሚያዳምጠው ሰው የሌላውን መጨረሻ ጠብቆ ማሰብ አይጀምርም፤ መጨረሻውን ገምቶ፣ መልሱን ቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ልክ ሲደርስ ይገባል። ግምቱ ከተሳሳተ ድምፆች ይጋጫሉ። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉ ሁለት አቅራቢዎችም የሚሠሩት በዚሁ ግምት ነው።

አማርኛ ለዚህ ግምት የራሱ ወጥመድ አለው። ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን የሚይዘው የግሱ ጫፍ ነው። «ሚኒስቴሩ መመሪያው እንደሚሻሻል ገልጾ…» እና «ሚኒስቴሩ መመሪያው እንደሚሻሻል ገልጿል» የሚሉትን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ ተመሳሳይ ናቸው። የመጀመሪያው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ገና ይቀጥላል። ሁለተኛው አልቋል። ተረካቢው «ገልጿል» ይመጣል ብሎ ትንፋሹን ስቦ የጠበቀበት ቦታ ላይ ሰጪዋ «ገልጾ፣ ባለድርሻ አካላትም…» ካለች ግጭቱ አይቀርም። የጋዜጣ አማርኛ ደግሞ ቦዝ አንቀጽ ይወዳል፤ «ጠቅሶ፣ አስረድቶ፣ አሳስቦ» እያለ አራት ግስ ይቀጣጥላል። ለዓይን ይህ አያስቸግርም፤ አራት ነጥቡ ይታያላ። ጆሮ ግን አራት ነጥብ አያይም።

ሁለተኛው ወጥመድ ከግሱ በኋላ የሚመጣው ነው። ማሰሪያው ካለፈ በኋላ «ማለት ነው»፣ «እንግዲህ»፣ «አይደል» የምንልበት ልማድ አለን። የሬዲዮ አቅራቢዎች «ማለት ነው»ን ያለ ቁጥር ይረጩታል፤ እኔ ከዓመታት የራዲዮ ማዳመጥ በኋላ በዚህ ቃል ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ተረካቢው ማሰሪያውን ሰምቶ በትክክለኛው ቦታ ሲገባ «ማለት ነው» ከሥሩ ይሰማል። ጥፋተኛ የሚመስለው እሱ ነው፤ ያጠፋችው ግን ከማሰሪያው በኋላ ያላቆመችው ናት።

ሦስተኛው ስም ነው። ለማሻገር ሲባል ስም ዐረፍተ ነገሩ መሃል ይጠራል፦ «በዚህ ላይ ደግሞ ዮናስ የምትለን ይኖርሃል»። ስሙን የሰማ ሰው «እሺ» ወይም «አዎ» ማለቱ አይቀርም፤ ይህን የሚለው ግን ባልደረባው ገና እየተናገረች ነው። ስም መጥራት ካስፈለገ ቦታው ከግሱ በኋላ፣ የመጨረሻው ቃል ሆኖ ነው። ስም የቴክኒክ ሥራ የሠራበት ዘመንም ነበር። ከ1956 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቼት ሀንትሊ ከኒውዮርክ፣ ዴቪድ ብሪንክሊ ከዋሽንግተን ሆነው አንድ የዜና ፕሮግራም ያቀርቡ ነበር። አንደኛው የሌላውን ስም ሲጠራ ሥርጭቱን ከከተማ ወደ ከተማ ለሚያዞረው ቴክኒሽያን ምልክት ይሆነው ነበር። ስሙ ያለ ቦታው ቢጠራ መስመሩም ያለ ቦታው ሊዞር ነው ማለት ነው። (ይኸው፣ እኔም አልኩት።)

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ስለ ወባ የሚያወራ አጭር የጠዋት ዝግጅት ነው። አቅራቢዎቹን ሰላምና ዮናስ ብለን እንጥራቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦

ሰላም፦ ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ያቆሩ ቦታዎች ለወባ ትንኝ መራቢያ ስለሚሆኑ በሽታው ከመስከረም ጀምሮ እየጨመረ ይመጣል ማለት ነው፤ እንግዲህ የአጎበር አጠቃቀምን በተመለከተ ደግሞ ዮናስ የምትለን ይኖርሃል።

ዮናስ፦ አመሰግናለሁ ሰላም። እንዳልሽው ወባ ከመስከረም ጀምሮ የሚጨምር በሽታ ነው። አጎበርን በተመለከተ እንግዲህ…

ዮናስ ሊገባ የሚችልባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ «ይመጣል» ላይ፣ «ማለት ነው» ላይ፣ ስሙ የተጠራበት ላይ። ሦስቱም የተሳሳቱ ናቸው። ከገባ በኋላም ምስጋናውና «እንዳልሽው» ያለፈውን ይደግማሉ እንጂ ነገሩን አይገፉትም፤ አድማጩ አጎበሩን ለመስማት ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጠብቃል። ተስተካክሎ ሲጻፍ፦

ሰላም፦ ክረምቱ ሲወጣ ያቆረው ውሃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በሽታው ይበረታል። አጎበር ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ግን በትክክል ተሰቅሏል?

ዮናስ፦ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር አይገባም። ትንኟም የምትገባው በዚያ በኩል ነው።

የሰላም የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቃል ነው። አንድ ግስ አለው፤ ግሱም መጨረሻ ላይ ነው፤ ድምፅዋም በጥያቄ ከፍ ይላል። ዮናስ የሚጠብቀው «ተሰቅሏል»ን ብቻ ነው። ስሙን መጥራት አላስፈለገም፤ አድማጭ ድምፁ ሲለወጥ ሰው መለወጡን ያውቃል። የዮናስ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገርም ለጥያቄው መልስ ስለሆነ ሁለቱ ንግግሮች ባይተያዩም ይያያዛሉ። ጥያቄ ሁልጊዜ ያስፈልጋል ማለቴ ግን አይደለም። በየማሻገሪያው «ለመሆኑ ዮናስ፣ አጎበር ምንድን ነው?» የምትል አቅራቢ የማታውቅ መስላ ትተውናለች፤ አድማጭም ይህን ወዲያው ያሸተዋል። ጥያቄው አድማጩ ራሱ በዚያ ቅጽበት የሚጠይቀው ሲሆን ብቻ ይሠራል፤ ካልሆነ አጭር መግለጫ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

ወረቀቱ ላይም የሚሠራ ነገር አለ። ተረካቢው በራሱ ቅጂ ከተራው በላይ የባልደረባውን የመጨረሻ ሦስት ቃላት ደመቅ አድርጎ ይጽፋል፤ ዓይኑ እዚያ ላይ ሆኖ ጆሮው ይጠብቃል። የማሻገሪያው ዐረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ መሻገር የለበትም፤ ወረቀት ሲገለበጥ ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ንባቡም ይቆማል። ሰጪው ደግሞ የማሻገሪያውን ቃል በምንም ምክንያት አይለውጥም። መሃል ላይ ያለውን እንደ ልቡ ሊያጣጥመው ይችላል፤ መጨረሻው ግን ቃል በቃል እንደተጻፈው ይነበባል፣ ባልደረባው ሌላ ምልክት የለውምና።

ከጽሑፉ ውጭ ያለው ትልቁ ጣጣ መልካም ጠባያችን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ዝም ብሎ አያዳምጥም። «እህ»፣ «እሺ»፣ «በጣም» ይላል፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» የሚልበትም አለ። ቤት ውስጥ ይህን ያላለ ሰው ያኮረፈ ይመስላል። ማይክ ፊት ግን ሁሉም ይሰማል፤ ሁለት ማይክ ክፍት ሆኖ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ደግሞ የአንዱ «እህ» በሌላው ማይክ በኩል ጭምር ይገባል። መፍትሔው ራስ መነቅነቅና በዓይን መያያዝ ነው። ከስክሪፕቱ ውጭ ጣል የሚያደርገው ነገር ያለው ሰው ጣቱን ያነሣል፤ ተናጋሪው ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ያቆምለታል። ቢጋጩ ደግሞ ማን እንደሚቀጥል አስቀድሞ ይወሰናል፤ ተራው በስክሪፕቱ የተጻፈለት ሰው ይቀጥላል፣ ሌላው ያለ ይቅርታ ዝም ይላል። ይህ በተለይ አንጋፋና ጀማሪ አብረው ሲያቀርቡ አስፈላጊ ነው። ጀማሪዋ ተራዋ ሆኖ እንኳ ለታላቋ ትለቃለች፤ እሱም ሊያከብራት ይለቃል። ውሳኔውን ለወረቀቱ መስጠት ሁለቱንም ከይሉኝታ ያወጣቸዋል።

ሁለቱ በተለያየ ከተማ ካሉ፣ ለምሳሌ አንዱ አዲስ አበባ ሌላዋ ዋሽንግተን ከሆኑ፣ ነገሩ ይከብዳል። ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሳተላይት የሚሄድ ድምፅ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ጥያቄና መልስ ሲመላለሱ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። ያ ደግሞ ሰው በተለመደ ጭውውት ከሚጠብቀው ክፍተት እጥፍ በላይ ነው። ጠያቂዋ «አልሰማኝም» ብላ ስትደግም መልሱ ይደርስና ይጋጫል። እዚህ ላይ አጫጭር መመላለሶችን ቀንሶ ረዘም ያሉ ተራዎችን መጻፍ፣ ከማሻገሪያው በኋላም ዝምታውን መታገሥ ይሻላል። ስም ጥቅም ያለው እዚህ ነው፤ ያውም መጨረሻ ላይ።

«አንድ ድምፅ» ስንል ሁለቱ እኩል ይናገሩ ማለት አይደለም፤ የአንዷ ቀልድ የሌላው እርጋታ መጥፋት የለበትም። አንድ መሆን ያለበት ፕሮግራሙ ለአድማጩ የሚናገርበት አኳኋን ነው። አንደኛው አድማጩን «እናንተ» ሌላው «አንተ» ካለ፣ አንዷ እንግዳውን «እርስዎ» ስትል ሌላው በስሙ «አንተ» ብሎ ከጠራው፣ አድማጩ ሁለት ጣቢያ የሰማ ይመስለዋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ አንዱ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ሌላዋ «እኩለ ቀን፣ 12 ሰዓት» ካሉ አደጋው ከቅጥነት ያልፋል፤ ቀጠሮ ያሳልፋል። ለዚህ ሁለቱ ተራቸውን ለየብቻ ጽፈው ማገጣጠም አይበቃም። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው፣ ፕሮዲዩሰሩ ወይም ከሁለቱ አንዱ፣ ሙሉውን ጮክ ብሎ ያነበዋል። ሌላው ፈተና ተራ ተለዋውጦ ማንበብ ነው፤ ሰላም የዮናስን፣ ዮናስ የሰላምን። ምላሳቸው የሚደናቀፍበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አኳኋኑ የተለወጠበት ቦታ ነው።

ሁሉን መጻፍ ግን አይቻልም፤ መሞከሩም ፕሮግራሙን ያደርቀዋል። ስልክ ሲደወል፣ እንግዳ ሲዘገይ፣ ሰበር ዜና ሲመጣ ስክሪፕቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ሰዓት የሚበቃው በየክፍሉ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተጽፎ መቀመጡ ነው፦ የመግቢያውና የማሻገሪያው። በመካከላቸው ያለውን እንደመጣ ይናገሩት፤ ያቺ ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር እስክትሰማ ድረስ ሌላው ማይኩን አይነካም።