«ለጊዜው» የምትባል ቃል

ከቃለ መጠይቅ ክፍል የሚወጣ ሰው መጨረሻ ላይ የሚሰማት ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናት፤ «እንደውልልዎታለን።» ከዚያ ወዲያ ስልኩ ከእጁ አይለይም። የማያውቀው ቁጥር ሲደውል ታክሲ ውስጥም ቢሆን ጉሮሮውን ጠርጎ ያነሳል፤ የደወለው ግን ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ሦስት ሳምንት ያልፋል። «አልመረጥንህም» ያለው የለም፤ አለመመረጡን ግን አንድ ቀን ከዝምታው ይረዳዋል።

በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህችን ዓረፍተ ነገር ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላስታውስም። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ይመስለናልና «እሺ ነገ» ማለት ይቀለናል። ደብዳቤ መጻፍ ስጀምርም ያንኑ ልማድ ወደ ወረቀቱ ይዤው ገባሁ።

ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ሦስት ሰዎችን ጠርተን ፈተንን። ሁለተኛ ለወጣችው ሴት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ቦታው ለጊዜው በሌላ አመልካች የተያዘ ቢሆንም መረጃዎን በመዝገባችን ይዘናል፤ ክፍት ቦታ ሲኖር ቅድሚያ ሰጥተን እናሳውቅዎታለን።» ጨዋ ደብዳቤ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ደወለች። በመካከሉ ሌላ ድርጅት በትንሹ ዝቅ ባለ ደመወዝ ጠርቷት ነበር፤ እሷ ግን የእኛን «ቅድሚያ» ይዛ እምቢ ብላለች። ክፍት ቦታ አልነበረንም። መዝገብ ያልኩትም መዝገብ አልነበረም፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዋ ከሌሎቹ ጋር ካርቶን ውስጥ ነበር። አልተቆጣችም። «ታዲያ ለምን እንዲያ ብለው ጻፉልኝ?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ያን ደብዳቤ አሁን መልሼ ሳነበው ጥፋቱ ከሦስት ቃላት አያልፍም። «ለጊዜው» ስንል እኛ ማለሳለሳችን ነው፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው ግን «ጊዜው ሲያልፍ ይጠሩኛል» ብሎ ይሰማዋል። «በመዝገባችን ይዘናል» የሚለው አንድ ሰው መዝገቡን እየገለጠ እንደሚያያት አድርጎ ይነግራታል። «ቅድሚያ» ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም ቃል መግባት ነው። ሦስቱም ቢሰረዙ ከደብዳቤው የሚጎድል እውነት የለም። ከዚያ ወዲህ የመልስ ደብዳቤ ስጽፍ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ አመልካቿ ይህን አንብባ ሌላ ሥራ ብትገፋ ጥፋተኛው ማን ነው? እኔ ከሆንኩ ዓረፍተ ነገሩ ይወጣል።

ተስፋ ላለመስጠት ብሎ ወደ ሌላኛው ጠርዝ የሚሮጥም አለ። «ፈተናውን ባለማለፍዎ» የሚል ደብዳቤ አይቻለሁ። ሦስተኛ የወጣ ሰው አልወደቀም፤ የነበረው ቦታ አንድ ስለሆነ ብቻ ነው ያልተቀጠረው። ሌላው ደግሞ «በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ብሎ ይጀምራል፤ የተጻፈለት ሰው ማን እንደሞተ ለማወቅ ወደ ታች ይወርዳል። ምስጋና ሲበዛም እንደዚሁ ያስከፋል። «እጅግ ድንቅ ችሎታዎ አስደምሞናል» የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ታዲያ ለምን አልቀጠራችሁኝም? አንድ እውነተኛ ነገር ማመስገን ይበቃል፤ እሱም በዓይን የታየ መሆን አለበት።

ያችን ሴት በሚመለከት ያኔ መጻፍ የነበረብኝ ይህ ይመስለኛል። ቀኖቹን ለምሳሌ ያህል አስገብቻለሁ፤ በነጥቡ ቦታ ሙሉ ስሟ ይጻፋል።

«ለወ/ሪት …፤ መስከረም 20 ቀን ለሲኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ መጥተው ስለተፈተኑና ለጥያቄዎቻችን ስለመለሱልን እናመሰግናለን። ለቦታው ሌላ አመልካች መርጠን ውል ፈርመናል፤ ስለዚህ የእርስዎ ማመልከቻ እዚህ ላይ ተዘግቷል። ለምርጫው ምክንያት የሆነው የተመረጡት ሰው ከውጭ የሚገባን ዕቃ ዋጋ ከኤልሲና ከዲክላራሲዮን ሰነዶች አስልቶ በመመዝገብ የበለጠ የሠሩ መሆናቸው ነው። በተግባር ፈተናው የሠሩት የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ስህተት አልተገኘበትም። ማመልከቻዎን ለሌላ ቦታ አናቆየውም፤ ወደፊት የምናወጣው ማስታወቂያ የሚስማማዎት ከሆነ እንደማንኛውም አመልካች በአዲስ መልክ ማመልከት ይችላሉ። ሊጠይቁኝ የሚፈልጉት ካለ እስከ ጥቅምት 25 ድረስ ከዚህ በታች ባለው ስልክ ያገኙኛል። ከሠላምታ ጋር።» ከሥር የጻፈው ሰው ስም፣ ኃላፊነትና ስልክ ይኖራል። «አስተዳደሩ» ብሎ መፈረም መሸሽ ነው።

ውሳኔው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መምጣቱን ልብ ይበሉ። ብዙዎቻችን ስለ ድርጅቱ፣ ስለ አመልካቾቹ ብዛትና ስለ ውድድሩ ጥንካሬ አንድ አንቀጽ አስቀድመን መርዶውን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። አንባቢዋ ግን ያን ሁሉ የምታነበው ትንፋሿን ይዛ ነው። «ተዘግቷል» የሚለውን ቃል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጨካኝ ነው ብሎኝ ነበር፤ «አልተሳካም» እንድለው ፈለገ። «አልተሳካም» ግን ያልተሳካው በማን እንደሆነ አይናገርም፤ ነገ ሊሳካ የሚችልም ያስመስላል። «ሌላ አመልካች መርጠናል» ሲባል መራጩ ድርጅቱ እንደሆነ ይታወቃል፤ ውሳኔውንም ይሸከማል።

ምክንያት መጻፍ አለበት ወይ? እዚህ ላይ ያመነታሁባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁን የምከተለው ይህን ነው፤ ምክንያቱ እውነት ከሆነና በሥራ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው መመዘኛ ጋር ከተያያዘ ይጻፋል፤ ካልሆነ አይጻፍም። «የተሻለ ልምድ ያለው ሰው ስለተገኘ» የምትለው ደረቅ ምክንያት ብዙ ጊዜ ታጋልጣለች። የሒሳብ ሠራተኞች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ማስታወቂያው 4 ዓመት ጠይቆ፣ እሷ 6 ዓመት ሠርታ፣ የተቀጠረው ደግሞ 5 ዓመት የሠራ መሆኑን ስትሰማ ደብዳቤው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከላይ ባለው ደብዳቤ ግን የተጠቀሰው የዓመት ብዛት ሳይሆን የሥራው ዓይነት ነው፤ ማስታወቂያውም የአስመጪነት ሒሳብ ልምድ እንደሚፈለግ ተናግሮ ነበር።

ሊጻፍ የማይችል ምክንያት ሲያጋጥም ደግሞ ጉዳዩ የደብዳቤ አይደለም። የፈታኞቹ ውይይት «ልጅ ወልዳ ትቀርብናለች» ወይም «እምነቱ ከእኛ ጋር አይሄድም» ላይ የቆመ ከሆነ መስተካከል ያለበት ምርጫው ራሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔርና በመሳሰሉት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ በለሰለሱ ቃላት መጠቅለል ቃላቱን ማቆሸሽ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሁለተኛ የወጣውን ሰው መያዝ ነው። አሠሪው ይፈራል፤ አንደኛው ሳይፈርም ቢቀርስ? ቢፈርምስ በሙከራው ጊዜ ቢሄድስ? በዚያው አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። እሑድንና በዓላቱን ስንጨምርበት ከሁለት ወር በላይ ነው። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሁለተኛውን ይህን ሁሉ ጊዜ ሳይነግረው እንደ ትርፍ ጎማ ይዞት ይቆያል። እኔ የምለው ለዝምታው ድንበር ይበጅለት ነው። ውል እስኪፈረም ድረስ አጭር መልእክት ይላካል፤ «ውሳኔ ገና አልተሰጠም፤ እስከ ጥቅምት 10 እናሳውቅዎታለን፤ እስከዚያ ሌላ ሥራ ካገኙ እኛን አይጠብቁ።» ጥቅምት 10 ሲደርስ፣ ጉዳዩ ባያልቅም እንኳ፣ በዕለቱ ይጻፋል። ውሉ በተፈረመ ማግሥት ግን ማመልከቻው የሚዘጋበት ደብዳቤ ይሄዳል። የተቀጠረው ሰው በሙከራ ጊዜው ከለቀቀ ሁለተኛውን ደውሎ መጠየቅ አይከለከልም፤ ያ ግን አዲስ ጥሪ ነው፣ ቀድሞ ቃል የሚገባበት አይደለም። መጀመሪያውኑ ለቦታው እንደማይሆኑ የታወቁትን እስከዚያ ማስጠበቅ ደግሞ ምንም ምክንያት የለውም፤ እነሱ በዚያው ሳምንት ይነገራቸው።

ስለ አላላኩም አንድ ነገር። ብዙ ጊዜ መደወል የበለጠ አክብሮት ይመስላል፤ ግን ለቃለ መጠይቅ የመጡት አብዛኞቹ ሌላ ቦታ የሚሠሩ ናቸው። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ስትደውልላቸው አለቃቸው አጠገባቸው ተቀምጧል፤ «እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ» ከማለት ሌላ የሚሉት የላቸውም። ጽሑፍ ብቻቸውን ሆነው እንዲያነቡት ያደርጋል። በግል ኢሜይላቸው ወይም በስልካቸው ይላክ እንጂ ወደ መሥሪያ ቤታቸው አድራሻ ፈጽሞ አይላክ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሲላክም የአመልካቾቹ ስም ዝርዝር ከላይ ተደርድሮ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ነው፤ አንዴ ደርሶብኛል።

ደብዳቤው ግልጽ ከሆነ የሚደውለው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚደውለውም ከሁለት አንዱን ይጠይቃል። «ምን ጎደለኝ?» ሲል በደብዳቤው የተጻፈውን ብቻ በትንሹ ሰፋ አድርጎ መንገር ይሻላል፤ በስልክ አዲስ ምክንያት ከተጨመረ የተጻፈው ውሸት ነበር ማለት ነው። «ደመወዙን ዝቅ አድርጌም እሠራለሁ» ሲል ልብ ይነካል፤ መልሱ ግን «ቦታው ተይዟል» ነው። «እስቲ አያለሁ» ከተባለ ደብዳቤው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ከእነዚህ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ነበር። በእርጋታ አመሰገነኝና፣ «እንግዲህ ቢያንስ ስሜን በመዝገብ ያዙልኝ» አለ። ያኔ «እሺ» ማለት እንዴት ቀላል እንደነበር አልረሳውም።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ የምንይዘው መዝገብ የለም» አልኩት።

ጥቂት ዝም አለ። «ጥሩ፤ ሌላ ቦታ ፈርም እያሉኝ ነበር፣ ዛሬውኑ ሄጄ ልፈርም» ብሎ ዘጋው።