ትንሽ ባንክ፣ ያልቀነሰ ዋጋ

አንድ የሽንዲ በርበሬ ነጋዴ ያጠራቀመውን ገንዘብ በሙሉ በአንድ አዲስ ባንክ አክሲዮን ላይ ሊያውል ፈልጎ ሊያማክረኝ መጣ። «አሜሪካ ያለው ወንድሜ ትንንሽ ኩባንያዎች ከትልልቆቹ የበለጠ ያተርፋሉ ብሎኛል፤ አክሲዮኑም ገና በመነሻ ዋጋው ነው» አለኝ። «በመነሻ ዋጋው ነው» የሚለውን ቡሬም ፍኖተ ሰላምም እሰማዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል።

ወንድሙ የነገረው መሠረት አለው። ሮልፍ ባንዝ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በኒውዮርክ ገበያ ትንንሽ ኩባንያዎች ለአሥርት ዓመታት ብልጫ እንዳስገኙ አሳይቷል። ፋማና ፍሬንች ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ከሀብታቸው አንጻር ዋጋቸው የወረደ ኩባንያዎችም እንዲሁ መሆናቸውን አሳዩ። ምክንያቱ እስካሁን ቢያከራክርም፣ ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው፦ ገዢ የሚፈራውን ወይም የሚንቀውን ኩባንያ በቅናሽ ካልሆነ አይገዛም፤ ብልጫው የሚመጣውም ከዚያ ቅናሽ ነው።

እኛ ዘንድ ግን አዲስ አክሲዮን ከተጻፈበት ዋጋ በታች እንዲሸጥ ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ገና ያልተፈተነ ባንክ ላይ ገንዘቡን የሚያውል ሰው አደጋውን ይሸከማል፤ ቅናሹን ግን አያገኝም። ለምሳሌ የተጻፈ ዋጋው 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን ከነአገልግሎት ክፍያው 1,050 ብር ተገዛ እንበል። ባንኩ ለምሥረታና ለቅርንጫፍ መክፈቻ ካወጣው በኋላ የተጣራ ሀብቱ በአክሲዮን 900 ብር ቢሆን፣ ገዢው 900 ብር የሚያወጣውን በ1,050 ብር ወሰደ ማለት ነው። በሌላ በኩል የአንድ ነባር ባንክ ባለአክሲዮን የተጻፈ ዋጋው ያው 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን በ1,400 ብር ይሸጣል እንበል። ባንኩ መጠባበቂያና ያልተከፋፈለ ትርፍ አጠራቅሞ የተጣራ ሀብቱ በአክሲዮን 1,500 ብር ከደረሰ፣ ርካሹ እሱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ያለውን የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ሀብት ለአክሲዮኖቹ ብዛት ማካፈል። ነገር ግን የተበላሸ ብድሩ የበዛ ባንክ የሚያሳየው ሀብት ሊያታልል ስለሚችል፣ ይህም አብሮ መታየት አለበት።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ተከፍቶ ወጋገን ባንክን በመጀመሪያ ሲመዘግብ፣ ዋጋ በገዢና በሻጭ በግልጽ ገበያ የሚወሰንበት መንገድ ተጀመረ፤ እዚያ ቅናሽም ሊገኝ ይችላል። ሆኖም የእነ ባንዝ ግኝት የብዙ መቶ ኩባንያዎች አማካይ ነው፤ ስለ አንድ ባንክ የሚናገረው ነገር የለም። ጥቂት ኩባንያዎች ብቻ በተመዘገቡበት ገበያ ያንን አማካይ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ ተራ ቆጣቢ እዚህ «ትንሽ ነው» ብሎ አክሲዮን መምረጡን ቢተወው ይሻለዋል።

ወንድምየው እዚያ ሆኖ ከሺህ በላይ ትንንሽ ኩባንያዎችን በአንድ ፈንድ ሊገዛ ይችላል። ያም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአሜሪካ ከ2007 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ርካሾቹ ኩባንያዎች ከውዶቹ ኋላ ቀርተው ነበር። ያን ያህል መጠበቅ ለማይችል ሰው መላ ገበያውን የሚይዘው ፈንድ ይበቃዋል፤ ትንንሾቹም ርካሾቹም በድርሻቸው ውስጡ አሉ።