ዳገቱ ላይ ምን ሆነ?

በትልልቅ ውድድሮች አትሌቱ ከመሮጫው እንደወጣ በቀጥታ ወደ ማረፊያው አይሄድም። መውጫው ላይ «ሚክስድ ዞን» የሚሉት በአጥር የተከፈለ መተላለፊያ አለ። በአንዱ ወገን አትሌቱ ያልፋል፣ በሌላው ጋዜጠኞች ማይክና መቅረጸ ድምፅ ዘርግተው ይጠብቁታል። የማሰራጫ መብት የገዙ ቴሌቪዥኖች ይቀድማሉ፣ የጋዜጣና የመጽሔት ሰዎች መጨረሻ ላይ ናቸው። ተራው ለደረሰው ጋዜጠኛ ያለችው ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው። በእሷ ላይ የሚወረወረው ጥያቄ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ «ምን ተሰማህ?» መልሱን አድማጩ በቃሉ ያውቀዋል፦ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንኳን ደስ ያለው።

ከዚያ በኋላ «አትሌቶቻችን ንግግር አይሆንላቸውም» እያልን እናማለን። ሐሜቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ ገና ትንፋሹ ያልተመለሰ ሰው ስሜቱን መርምሮ ስም እንዲያወጣለት ስንጠይቀው በእጁ ያለውን ቃል ያነሳል። በእጁ ያለው ደግሞ «ደስታ» ነው።

ስለ ቃለ መጠይቅ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚያልቅ ጥያቄ አትጠይቁ የሚል ነው። ትክክል ነው፣ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደው። «እስቲ ስለ ውድድሩ ንገረን» የሚለውም ክፍት ጥያቄ ነው። የሚያመጣው መልስ ግን ያው የተሸመደደው ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሰዓት የፈጀ ሩጫ ከየት ተጀምሮ እንደሚተረክ ለአትሌቱም ግራ ይገባዋል። የሚሠራው ጥያቄ ቦታውንና ቅጽበቱን ራሱ ይቆርጥና እዚያ ላይ የሆነውን ለአትሌቱ ይተውለታል።

የፓሪሱን ማራቶን እንውሰድ። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በሆነ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ አጠለቀ። መጀመሪያ የተመረጠው እሱ አልነበረም። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት የገባው ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። መንገዱ ወደ ቬርሳይ አቅጣጫ ወጥቶ የሚመለስ፣ ለማራቶን እንግዳ በሆነ መጠን ዳገታም ነበር። ከሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው ዳገት ከሁሉም የከፋው ነው። ታምራት ፍጥነቱን አክርሮ አፈትልኮ የወጣውም እዚያ አካባቢ ነው።

አሁን የተለመደውን ጥያቄ ስሙት፦ «ታምራት፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለህ፤ ተጠባባቂ ሆነህ ገብተህ፣ በዚያ አስቸጋሪ መንገድ ክብረ ወሰን ሰብረህ ወርቅ ማምጣትህ ምን ስሜት ፈጠረብህ፣ ለሕዝቡስ ምን መልእክት አለህ?» ታሪኩን በሙሉ ጋዜጠኛው ጨርሶታል። ለአትሌቱ የቀረለት «አዎ፣ ደስ ብሎኛል» ማለት ብቻ ነው። ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ስለቀረበለትም ቀላሉን መርጦ ለሕዝቡ መልእክቱን ያስተላልፋል።

ያንኑ ጊዜ በዚህ ብንጀምረውስ? «ትልቁ ዳገት ስር ስትደርሱ አጠገብህ የነበሩት ሯጮች ምን ይመስሉ ነበር?» ይህ ስለ ስሜት አይጠይቅም። ያየውን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ያየውን ለመናገር ደግሞ አንደበተ ርቱዕ መሆን አያስፈልግም። የማን ትንፋሽ እንደከበደ፣ ማን ወደ ጎን እንደወጣ ሲነግረን ለምን በዚያች ቅጽበት እንደሄደ ሳንጠይቀው እናውቃለን። ቀጥሎ «ከዚያስ?» ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው ወደ ኋላ ይመለስ፦ «ትገባለህ ከተባልክበት ቀን ጀምሮ ልምምድህ ላይ ምን ተቀየረ?» የማራቶን ሯጭ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ልምምዱን ይቀንሳል እንጂ አዲስ ብቃት አይገነባም። ስለዚህ መልሱ፣ እንደሚሮጥ ሳያውቅ ለወራት እንዴት ሲዘጋጅ እንደቆየ ማውጣቱ አይቀርም። ይህን ጥያቄ መጻፍ የሚችለው ግን ስለ ልምምድ አስቀድሞ የሚያውቅ ጋዜጠኛ ነው። ጥያቄው ሚክስድ ዞን ውስጥ አይወለድም። ውድድሩ እየተካሄደ ማስታወሻ ላይ ኪሎ ሜትሩና የሆነው ነገር እየተጻፈ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ከዚያ ሁለት ሦስቱ ይመረጣሉ።

ካናዳዊው ጋዜጠኛ ጆን ሳዋትስኪ የኢኤስፒኤንን ጠያቂዎች ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ነው። አጥብቆ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ጥያቄ አጭርና ከጠያቂው ፍርድ የጸዳ ይሁን የሚለው ነው። ፍርድ ሲገባበት የሚሆነውን በ2014ቱ (እንደ አውሮፓውያን) የብራዚል ዓለም ዋንጫ አይተናል። ጀርመን አልጄሪያን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ የጀርመን ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ተከላካዩን ፔር ሜርተሳከርን ያዘውና ቡድኑ ለምን እንዲያ እንደተንገዳገደ ጠየቀው። ሜርተሳከር ተቆጣ፤ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ፣ ሩብ ፍጻሜ ገብተናል፣ አሁን ሦስት ቀን በረዶ ገንዳ ውስጥ እተኛለሁ አለ። ቃለ መጠይቁ ዝነኛ ሆነ። ተመልካቹን አዝናንቷል፤ አልጄሪያ ጀርመኖችን እንዴት እንዳስጨነቀች ግን አንዲት ነገር አልተማርንበትም። «ከኋላችሁ ክፍተት ሲፈጠር ከአንተ ቦታ ምን ይታይ ነበር?» ቢባል ስለዚያው ድክመት ነው፣ ሰውየውን ግን ተከሳሽ አያደርገውም።

ሽንፈት ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። በ2015 ዓ.ም. አውስትራሊያ ባትኸርስት በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ለተሰንበት ግደይ እየመራች መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ወደቀች። ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት አልፋት አሸነፈች፤ ለተሰንበት በሰው ድጋፍ ስለተነሳች ውጤቷም ተሰረዘ። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ለምን ወደቅሽ?» ብሎ መጠየቅ ክስ ነው፣ «ምን ተሰማሽ?» ደግሞ ለካሜራው እንባ ፍለጋ ነው። መናገር ከቻለች «የመጨረሻው ዙር ላይ እግሮችሽ እንዴት ነበሩ?» ይበቃል። ሰውነት ምን እንዳደረገ መናገር ልብ ምን እንደሆነ ከመናገር ይቀላል፤ ስሜቱን ማውራት ከፈለገች ራሷ ታመጣዋለች። መቆም ካቃታት ግን ማይኩን ዝቅ ማድረግ ነው። ጥያቄው በማግሥቱም ይጠየቃል፣ እንዲያውም ያኔ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ከሯጮቻችን ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው። ለውጭ ጋዜጠኛ ሲመልሱ ደግሞ በመሀል አስተርጓሚ ይገባል። ረጅሙ ጥያቄ በአስተርጓሚው አፍ «ደስ ብሎሃል ወይ ነው የሚልህ» ሆኖ ይደርሳል፤ የአምስት ደቂቃው መልስም «ደስ ብሎታል» ተብሎ ይመለሳል። «ዳገቱ ላይ ምን አየህ?» የሚለው ግን በየትኛውም ቋንቋ ሳይሸራረፍ ያልፋል። ከተቻለም አትሌቱ በሚቀናው ቋንቋ እንዲመልስ መፍቀድና ትርጉሙን ቢሮ ገብቶ ማሠራት ነው።

ሁሉም ነገር አይነገርም፣ መጠበቅም የለበትም። በሚቀጥለው ወር ከእነዚያው ተፎካካሪዎች ጋር የሚሮጥ ሰው መቼ ፍጥነቱን ሊያከር እንዳሰበ አይዘረዝርም። ምስጋናውም ቢሆን ከንቱ ልማድ አይደለም፤ አሠልጣኙን፣ ቤተሰቡንና ፈጣሪውን ሳያመሰግን ቢሄድ አትሌቱን ይቆጨዋል። ስለዚህ ገና ሲጀመር «ማመስገን የምትፈልጋቸውን መጨረሻ ላይ እጠይቅሃለሁ» ማለት ይጠቅማል። ቦታው እንደተያዘለት ያወቀ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ምስጋናውን አይደረድርም፤ ስለ ዳገቱ ሲጠየቅ ስለ ዳገቱ ይመልሳል። ጋዜጠኛውም ቃሉን መጠበቅና መጨረሻ ላይ መጠየቅ አለበት፣ የሚቀረው ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ቢሆንም።