ለደርዘንና ለአምስት ደርዘን የሚቆረጥ ዋጋ

የቆዳ ቦርሳ የሚያመርት አንድ የአዲስ አበባ ወርክሾፕ አለ እንበል። አንዱ ቦርሳ 900 ብር ይፈጅበታል፤ ሱቅ ላይ 2,000 ብር ይሸጣል። ባለቤቱ ደርዘን ለሚወስድ ነጋዴ አንዱን በ1,500፣ አምስት ደርዘን ለሚያነሳ ደግሞ በ1,100 ብር ያስረክባል። ብዙ ላነሳ ብዙ መቀነስ ተገቢ ይመስላል።

ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ነጋዴዎች አንድ ሰፈር ላይ ሲገናኙ ነው። ስልሳውን ያነሳው በ1,450 ቢሸጥ ከእያንዳንዱ ቦርሳ 350 ብር ያተርፋል። ደርዘን የወሰደችው ባለሱቅ ግን ያንኑ ቦርሳ በ1,500 ነው ያመጣችው። ጎረቤቷ ከመግዣዋ በታች እየሸጠ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወይ ትዕዛዝ ታቆማለች፣ ወይ ዕቃውን ከእሱ ትረከባለች። ዋጋ የሰበረው እሱ ቢሆንም፣ መስበር ያስቻለው የአምራቹ ዋጋ ነው።

ቅናሹ መለካት ያለበት ብዙ ማዘዙ ለአምራቹ በሚያተርፈው ወጪ ነው። ስልሳ ቦርሳ አንድ ላይ ሲቆረጥ የቆዳ ብክነት ይቀንሳል፤ ማጓጓዣውም ሂሳብ መሰብሰቡም አንድ ጊዜ ያልቃል። ይህ ሁሉ ለአንድ ቦርሳ 110 ብር ካተረፈ ዋጋው ለደርዘን 1,400፣ ለአምስት ደርዘን 1,290 ሊሆን ይችላል። አሁን ትልቁ ነጋዴ ወደ 1,500 ቢወርድ እንኳ ባለሱቋ አብራው ወርዳ 100 ብር ይቀራታል። ትርፉ ቀጭን ነው፤ ግን ከገበያ አያስወጣትም።

ዝቅተኛው የትዕዛዝ መጠንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሦስት ቦርሳ ብቻ መሥራት አምራቹን ያከስረዋል፤ ነገር ግን በወር አምስት የምትሸጥ ሱቅ ስልሳ እንድታነሳ ከተገደደች ገንዘቧ መደርደሪያ ላይ ይታሰራል። የኪራይ ቀን ሲደርስ በመግዣ ዋጋ ታራግፋለች፣ የሰፈሩም ዋጋ ይወርዳል። ደርዘኑን ከተለያየ ሞዴልና ቀለም አቀላቅሎ መውሰድ ቢፈቀድላት ይህ ችግር ይቃለላል።

«ከዚህ በታች እንዳትሸጡ» ብሎ ማስፈረምስ? በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አቅራቢና ቸርቻሪ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ እንዲዋዋሉ አይፈቅድም። አሜሪካ ውስጥ ሊጂን የተባለ ኩባንያ ብራይተን የተሰኙ የቆዳ ዕቃዎቹን በ20 በመቶ ቅናሽ ለሸጠች የቴክሳስ ሱቅ ማቅረብ አቁሞ ተከሶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ከ1911 ጀምሮ የነበረውን ፍጹም ክልከላ አንስቶ፣ እንዲህ ያለው ስምምነት በገበያው ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ እየታየ እንዲዳኝ ወስኗል።

አምራቹ ያለማንም ፈቃድ የሚወስነው የራሱን መሸጫ ነው። በቴሌግራም ቻናሉ ቦርሳውን በ1,600 ካወጣ፣ በ2,000 የሚሸጡለትን ሱቆች የሚሻማው ራሱ ነው። ለበዓል ቅናሽ ማድረግ ከፈለገ ለሱቆቹ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ ያልሸጡት ዕቃ ላይም የቅናሹን ያህል በሚቀጥለው ሂሳባቸው ያቀናንስላቸው።